«በቀን ሁለት ጊዜ» ስንት ሰዓት ላይ ነው? ለሆስፒታሎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተሮች፣ ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊዎችና ለፋርማሲ ክፍሎች፤

እኛ በክሊኒካል ፋርማሲና በነርሲንግ ሙያ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ተኝቶ የታከመ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ከእንግሊዝኛው የመውጫ ወረቀት ጋር አንድ ሌላ ገጽ ይሰጠው። ይህ ገጽ በታካሚው ቋንቋ የተዘጋጀ የመድኃኒት መርሐ ግብር ሆኖ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ሊከተለው የሚችል ይሁን። የእንግሊዝኛው ወረቀት ይቅር አላልንም፤ ቀጣዩ ሐኪም ያነበዋል፣ ሪፈር ሲጻፍም ያስፈልጋል። ነገር ግን እሱ ከባለሙያ ወደ ባለሙያ የሚሄድ ደብዳቤ ነው። ታካሚው ተሸካሚው እንጂ ተቀባዩ አይደለም፤ ለእሱ የተጻፈ ወረቀት ገና አልተሰጠውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶች ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። በልብ፣ በስኳርና በደም ግፊት ሕመም አልጋ ይዘው ከሚወጡት ብዙዎቹ ከ49 ዓመት በላይ ስለሆኑ በዚህ ቁጥር ውስጥ እንኳን አልገቡም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንከተል። የልብ ድካም ያለባቸው የ60 ዓመት እናት ናቸው። እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ገብተው ተሽሏቸዋል፤ ዓርብ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ይወጣሉ። ወረቀታቸው እንዲህ ይላል፦ ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም ፒኦ ቢአይዲ፤ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊ ግራም ፒኦ ዴይሊ፤ ኢናላፕሪል 2.5 ሚሊ ግራም ፒኦ ቢአይዲ፤ ሎው ሶልት ዳየት፤ ፎሎው አፕ 12/03/2026። «ፒኦ» በአፍ፣ «ቢአይዲ» በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ፋርማሲው ያለው ኢናላፕሪል ባለ 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ የሚዋጠው ግማሽ ፍሬ ነው። ሦስቱም ክኒኖች ነጭና ክብ ሆነው በሦስት ትናንሽ ከረጢቶች ተሰጥተዋል እንበል። በከረጢቶቹ ላይ በእስክሪብቶ «1×2»፣ «1×1»፣ «½×2» ተጽፏል።

ከዚህ ጽሑፍ የሚመጣውን ስሕተት አንድ በአንድ እንይ። «1×2» የሚለውን አንዱ ሰው «አንድ ፍሬ ሁለት ጊዜ» ብሎ ያነበዋል፤ ሌላው «በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ» ይለዋል። ፋርማሲስቱ ትርጉሙን ስለለመደው ሁለተኛው ንባብ አይታየውም። ወደ አማርኛ ቢመለስም ችግሩ አይጠፋም። «በቀን ሁለት ጊዜ» ስንል እኛ ሃያ አራቱን ሰዓት ማለታችን ነው። ለሰሚው ግን «ቀን» የሌሊት ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱንም ይጨርሳል፤ አለዚያም ጠዋት ሁለቱን ባንድ ላይ ውጦ ይገላገላል። «ማታ» የሚለውም ለአንዱ ከብት የሚገባበት ሰዓት ነው፣ ለሌላው መኝታ።

ሰዓት በቁጥር ሲጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። ባለሙያው በእንግሊዝኛ አቆጣጠር «8» ብሎ የጻፈው የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ቤት ያለው ልጅ ሲያነበው ግን «8 ሰዓት» ብሎ ከምሳ በኋላ ይሰጣል። ለሌሊት የታሰበ «9» ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። ልጁ የተጻፈውን በትክክል አንብቧል፤ ስሕተቱ የጻፈው ሰው ነው። በታካሚው ገጽ ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ይሁን፣ ከጎኑም ጠዋት፣ ከምሳ በኋላ ወይም መኝታ የሚል ቃል ይኑረው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የወረቀቱን አደራደር መገልበጥ ነው። የመውጫ ወረቀት መድኃኒቶችን በስም ይደረድርና ከየስሙ ጎን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይናገራል። ታካሚዋ የምትኖረው ግን በሰዓት ነው። ጠዋት ስትነሳ ጥያቄዋ «ፉሮሴማይድ ስንት ጊዜ ነው?» አይደለም፤ «አሁን የትኛውን ልዋጥ?» ነው። ይህን ከዝርዝሩ ለማውጣት ሦስቱንም መስመር አንብባ፣ እያንዳንዱን በሰዓት ከፋፍላ፣ ጠዋት የሚገጥመውን በአእምሮዋ መሰብሰብ አለባት። ይህን ሥራ እኛ አስቀድመን ሠርተን እንስጣት። በሠንጠረዥም አይሁን፤ ረድፍና ዓምድ የሚገናኙበትን ነጥብ መፈለግ ራሱ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ልማድ ነው። ቀኑ ከላይ ወደ ታች ይፍሰስ፦ ከላይ ጠዋት፣ መካከል ላይ ከምሳ በኋላ፣ ከታች መኝታ። በየሣጥኑ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚዋጡት ፍሬዎች ብቻ በቁጥራቸው ልክ ይሳሉ፤ ሙሉ ፍሬ ሙሉ ክብ፣ ግማሽ ፍሬ ግማሽ ክብ።

የእኚህ እናት ገጽ እንዲህ ይሆናል፦

ጠዋት፣ ሲነሱ (2 ሰዓት) — የዶሮ ሥዕል
ባለ አንድ መስመር ከረጢት፦ 1 ፍሬ ይዋጡ። ውኃ የሚያወጣ ነው።
ባለ ሁለት መስመር ከረጢት፦ 1 ፍሬ ይዋጡ። ልብን ይረዳል።
ባለ ሦስት መስመር ከረጢት፦ ግማሽ ፍሬ ይዋጡ። ለልብ ሥራ ያቀላል።

ከምሳ በኋላ (8 ሰዓት) — የእንጀራ ትሪ ሥዕል
ባለ አንድ መስመር ከረጢት፦ 1 ፍሬ ይዋጡ።

ሲተኙ (ከምሽቱ 3 ሰዓት) — አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሥዕል
ባለ ሦስት መስመር ከረጢት፦ ግማሽ ፍሬ ይዋጡ።

ሁለተኛው ፉሮሴማይድ ወደ መኝታ ያልሄደው ምክንያት አለው። መድኃኒቱ ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ አካባቢ ሽንት ማብዛት ይጀምራል፣ ስድስት ሰዓት ያህልም ይሠራል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የዋጠ ሰው ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል፤ መጸዳጃው ግቢ ውስጥ ከሆነ በጨለማ ይወድቃል፣ ወይም በሦስተኛው ቀን ክኒኑን ይተወዋል። ወረቀቱ ላይ «ቢአይዲ» ተብሎ ሲቀር ይህ ሁሉ ለታካሚው ግምት ይተዋል።

የመስመሮቹ ነገር ማብራሪያ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ «ነጩ ክኒን፣ ቢጫው ክኒን» እየተባለ ይነገራል። ዛሬ ነጭ የሆነው ግን በሚቀጥለው ወር ከሌላ ፋብሪካ መጥቶ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችላል፤ በእኛ ምሳሌ ደግሞ ሦስቱም ነጭ ናቸው። በቀለም ምልክት ማድረግም ፎቶ ኮፒ ሲነሳ ይጠፋል። የማይጠፋው ወፍራም ጥቁር መስመር ነው፦ በአንደኛው ከረጢት ላይ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፤ በገጹም ላይ እንዲሁ። ቆጥሮ የሚገበያይ ሰው ይህን ለመለየት ፊደል አያስፈልገውም። የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስምና መጠንም ከረጢቱ ላይ መጻፉ አይቅር፤ ለድንገተኛ ሐኪም ይጠቅማል።

ለጠዋትና ለምሽት ፀሐይ አትሳሉ። ከተራራ ጀርባ ግማሽ የወጣች ፀሐይና ግማሽ የጠለቀች ፀሐይ ሥዕላቸው አንድ ነው። ለመኝታም ጨረቃ ብቻውን አይበቃም፣ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው። ዶሮ፣ ትሪና የተኛ ሰው የመረጥነው ሌላ ንባብ ስለማይኖራቸው ነው። ይህም ቢሆን የእኛ ግምት ነው። የትኛውንም ሥዕል ከመባዛቱ በፊት ማንበብ ለማይችሉ አሥር ሰዎች አሳዩና «ይህ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስምንቱ ካልመለሱት ሥዕሉ ይቀየር።

ገጹን አብዛኛውን ጊዜ ታካሚዋ አታነበውም፤ ትሰማዋለች። የሚያነብላት የአራተኛ ክፍል ልጅ ወይም ጎረቤት ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ ይጻፍ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚሰማ ሰው ምን አድርግ እንደተባለ የሚያውቀው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። «የሕመም ስሜቱ ቢጠፋም እንኳ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ከማቋረጥ እንዲቆጠቡ» የሚለው ልጁ አፍ ውስጥ ይሰበራል፣ በውስጡም ሁለት ክልከላ ተደራርቧል። እንዲህ ይሁን፦ «በየቀኑ ይዋጡ። ደህና ቢሆኑም ይዋጡ። ሊያልቅ ሲል ይምጡ።» ከየዓረፍተ ነገሩ አንድ ሥራ ብቻ። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ ኮምፒውተር ላይ 16 ነጥብ ከሆነ መነጽር የሌለው አዋቂም ያየዋል። ቁጥሮች ሁሉም ሰው ከብር ኖት ላይ የሚያውቃቸው ይሁኑ።

ያለፈ ክኒን ነገር በአንድ መስመር ይገባ፦ «ረስተው ካለፈዎ የቀጣዩን ብቻ ይዋጡ። ደርበው አይዋጡ።» ለፉሮሴማይድ አንድ መስመር ይጨመር። ታካሚዎች ይህን ክኒን በብዛት የሚተውት አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ ገበያ ወይም ለቅሶ ሲሄዱ ነው፤ ምክንያታቸውም ሽንት ነው። «መንገድ ካለብዎ ሲደርሱ ይዋጡት። ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ ይተዉት፤ ነገ ይቀጥሉ» ብንላቸው ቀኑን ሙሉ ከመተው ይድናሉ።

«ጨው ይቀንሱ» የሚለው ምክር ሳይብራራ ምንም አይሠራም፤ ምክንያቱም በእኛ ቤት ጨው የሚገባው ድስት ላይ ብቻ አይደለም። በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይፈጫል። እኚህ እናት ወጣቸው ላይ ምንም ጨው ሳይጨምሩ ብዙ ጨው ሊበሉ ይችላሉ። ደግሞ ወጡ የቤተሰብ ነው፤ ለአንድ ታማሚ ሲባል ሁሉም አልጫ ይብላ ቢባል ሁለት ሳምንት አይቆይም። ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው፦ «በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ የእርስዎን ያለ ጨው ለይተው ያስቀምጡ። ወጥ ላይ ጨው ከመጨመሩ በፊት የእርስዎ ድርሻ ይውጣ።» ይህ መመሪያ ለታካሚዋ ሳይሆን ምግብ ለምታበስለው ሰው መነገር አለበት።

ጾምን መጠየቅ የግድ ነው። በምሳሌያችን ቀን ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ገብተዋል። ወረቀቱ «ከቁርስ በኋላ» ካለ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት የጠዋቱን መድኃኒት በሙሉ ወደ ከሰዓት ይገፉታል፤ ውኃ መጠጣት ጾም ይፈታል ብለው የሚያምኑም ብዙ ናቸው። ከሦስቱ መድኃኒቶች አንዱም የግድ ከምግብ ጋር መወሰድ የለበትም። ስለዚህ የጠዋቱ ሣጥን «ሲነሱ» ይበል እንጂ «ከቁርስ በኋላ» አይበል። አልጋ ላይ እያሉ «ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅና ከፈለጉ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲነጋገሩ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ረመዳን የሚጾም ታካሚ ከሆነ የሰዓቱን ለውጥ ሐኪሙ ራሱ ይወስን፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መውሰድ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ጠበል የሚሄዱ ታካሚዎችም አሉ። የልብ ድካም ላለበት ሰው አደጋው ሁለት ነው፦ መድኃኒቱን እዚያ ማቋረጥና በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጠጣት። «ጠበል ቢሄዱም ክኒኑን ይዋጡ። ሲጠጡ በትንሽ ኩባያ ይሁን» ማለት እምነታቸውን አይነካም፤ ልባቸውን ግን ያተርፋል።

የአደጋ ምልክቶች ጥቂት ይበቃሉ። የመማሪያ መጽሐፍ «በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ» ይላል፤ ሚዛን የሌለበት ቤት ግን ይህን መለካት አይቻልም። ሰውነት ራሱ መለኪያ አለው። ገጹ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «ጠዋት ጠዋት የእግርዎን አጥንት ፊት ለፊት በአውራ ጣት ጫን አድርገው እስከ 5 ይቁጠሩ። ጉድጓድ ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ጫማዎ ከጠበበ፣ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ አጥሮዎት ትራስ ከጨመሩ በዚያው ቀን ይሂዱ። ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ ወይም ራስዎን ከሳቱ አሁኑኑ ይሂዱ።» የከንፈርና የምላስ እብጠት ኢናላፕሪል አልፎ አልፎ የሚያመጣው፣ የአየር ቧንቧን ሊዘጋ የሚችል ነገር ስለሆነ ነው የገባው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸውም ክኒኑን በራሳቸው ከመቀጠል በፊት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ፤ ሰውነት ሲደርቅ እነዚህ ሦስት መድኃኒቶች አብረው ኩላሊትን ያስቸግራሉ።

አንድ የክልከላ መስመርም ያስፈልጋል፦ «ለቁርጥማት ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይግዙ።» እነዚህ ጨውና ውኃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ከኢናላፕሪልና ከፉሮሴማይድ ጋር ሲገናኙም ኩላሊትን ይጎዳሉ። የስድሳ ዓመት ሰው ጉልበቱን አመመው ብሎ መድኃኒት ቤት ሲሄድ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ቤት የቆየ መድኃኒትም እንዲሁ። ከመውጣታቸው በፊት ቤተሰብ ያለውን የመድኃኒት ላስቲክ በሙሉ ይዞ ይምጣ። በውስጡ «ላሲክስ» የሚል ካለ ፉሮሴማይድ ራሱ ነው፤ ስሙ ስለተለየ ብቻ ሁለቱም ሲዋጡ መጠኑ እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ ቀጠሮው እንምጣ። ወረቀቱ «12/03/2026» ይላል። ይህ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 2018 ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ባለሙያው ራሱ «ማርች መጋቢት ነው» ብሎ «መጋቢት 12» እያለ በቃል ይነግራል። ዘጠኝ ቀን ተጨመረ ማለት ነው። ይህ ቀጠሮ ደግሞ ዝም ብሎ መታያ አይደለም። ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል አብረው ሲጀመሩ ደም ውስጥ ያለ ፖታሲየም ሊጨምር ይችላል፤ ፖታሲየም በጣም ከበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ ሕመምተኛው ግን ቀድሞ የሚሰማው ምልክት ላይኖር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት ፖታሲየምና የኩላሊት ሥራ በደም ምርመራ እንዲታይ የተፈለገው ለዚህ ነው። ስለዚህ ገጹ «መጋቢት 3፣ ሐሙስ፣ የበዓታ ዕለት» ይበል። የወሩን ቀን በቁጥር የማያውቁ ኦርቶዶክስ እናት በዓታንና ሚካኤልን አይሳሳቱም። ሙስሊም ለሆነ ታካሚ የሳምንቱ ቀንና የአካባቢው ገበያ ቀን ይጻፍ፦ «ሦስተኛው ቅዳሜ ገበያ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው»።

ከምሳሌያችን ትንሽ ወጣ እንበልና፣ ይህ የቀን ነገር በሩማቲክ የልብ ሕመም ፔኒሲሊን መርፌ በየ28 ቀኑ በሚወጉ ልጆች ላይ ጎልቶ ይታያል። «በየወሩ ይምጣ» ስንል የእኛ ወር 30 ቀን ነው። በየወሩ በገብርኤል የሚመጣ ልጅ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይዘገያል፤ ነሐሴ ላይ ተወግቶ መስከረም ላይ ሲመጣ ጳጉሜን ገብታ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። የመድኃኒቱ ኃይል የሚደክመው ደግሞ ልክ በእነዚያ የመጨረሻ ቀናት ነው። 28 ቀን አራት ሳምንት ስለሆነ ቀኑ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በየአራተኛው ሐሙስ» ቢባል ሒሳቡ አይዛባም።

ገጹ ተጽፎ ሲያልቅ ሥራው ግማሽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ «ሁለት ክኒን በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል መመሪያ ከተሰጣቸው፣ የማንበብ አቅማቸው ዝቅተኛ ከሆነ ታካሚዎች መካከል 71 በመቶው ቃሉን በትክክል ደግመው ተናግረዋል። በቀኑ የሚዋጠውን ክኒን ቆጥራችሁ አሳዩ ሲባሉ ግን የቻሉት 35 በመቶ ብቻ ናቸው። መድገም መቻልና ማድረግ መቻል የተለያዩ ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ «ገባዎት?» የሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው፤ አልገባኝም ማለት ነርሷን ማሳፈር ይመስላል።

ስለዚህ ከረጢቶቹ በራሳቸው ጭን ላይ ይቀመጡና እንዲህ ይባል፦ «እማማ፣ እኔ በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው። ነገ ሲነሱ የሚዋጡትን አውጥተው ያሳዩኝ።» ከዚያ የምሳውን፣ ከዚያ የመኝታውን። ግማሹን ክኒን እዚያው ይክፈሉት፤ ጣታቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይናቸው የደከመ ከሆነ እዚያ ይታያል፣ ፋርማሲውም ከፍሎ ይሰጣል። የተሳሳቱበት ቦታ ካለ እሱ ብቻ ይነገርና እንደገና ያሳዩ። ይህ ሁሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። የሚደረገው ግን በመውጫው ዕለት ልጃቸው ሒሳብ ሲከፍል፣ መኪናው ውጭ ሲጠብቅ ሳይሆን በዋዜማው ነው። ከዚያ በፊት «ቤት ሲገቡ መድኃኒቱን የሚሰጥዎት ማን ነው?» ተብለው ይጠየቁ። ሆስፒታል የሚያስታምማቸው ልጅ ብዙ ጊዜ ከከተማ የመጣና ሳምንት ሳይሞላ የሚመለስ ነው፤ ማሳየት ያለበት ቤት የሚቀረው ሰው ነው።

ከእናንተ የምንፈልገው በአንድ ክፍል፣ ለምሳሌ በውስጥ ደዌ ክፍል፣ እንድትጀምሩ ነው። ሦስቱ ሣጥኖች ባዶ የተሳሉበት ቅጽ ይባዛ፤ በሆስፒታሉ አካባቢ በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ፣ አማርኛ በማይናገር ታካሚ እጅ የአማርኛ ቅጽ እንዳይገባ። ክቦቹን መሳልና መስመሮቹን በከረጢቱ ላይ ማስመር የፋርማሲስቱ ሥራ ይሁን፤ «ያሳዩኝ» የነርሷ። ገጹ በሁለት ኮፒ ወጥቶ አንዱ በካርዱ ውስጥ ይቀመጥ። ቀጠሮው ቢያልፋቸው እንኳ እንዳይቋረጥባቸው መድኃኒቱ ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ተርፎ ይሰጥ፤ ለእኚህ እናት የ16 ቀን፣ ማለትም ፉሮሴማይድ 32፣ ስፓይሮኖላክቶን 16፣ ኢናላፕሪል 16 ፍሬ።

ይህ ትርፍ ሌላም ይጠቅማል። ቅዳሜ የካቲት 21 ጠዋት ቤታቸው የጀመሩ እናት ሐሙስ መጋቢት 3 የጠዋቱን ውጠው ሲመጡ፣ በከረጢቶቹ ውስጥ ሊቀር የሚገባው ፉሮሴማይድ 7፣ ስፓይሮኖላክቶን 3፣ ኢናላፕሪል 3 ተኩል ነው። ፉሮሴማይድ 19 ከተገኘ የምሳው ፍሬ በየቀኑ ቀርቷል ማለት ነው፤ ትሪው ሥዕል አልገባቸውም፣ ወይም ሽንቱ አስቸግሯቸዋል፤ ሐኪሙ መጠኑን ከመጨመሩ በፊት ይህን ይጠይቅ። የኢናላፕሪሉ ከረጢት በስምንተኛው ቀን ካለቀ ደግሞ ግማሹ ክብ እንደ ሙሉ ተነቧል፤ እጥፍ መጠን ወስደዋል ማለት ነውና በዚያው ቀን የደም ግፊታቸው፣ ፖታሲየማቸውና ኩላሊታቸው ይታይ፤ የእኛም ሥዕል ይታረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒካል ፋርማሲና የነርሲንግ ባለሙያዎች